ግድግዳው ይይዛል፣ ውሃው ይገፋል

ዛፍን እንጨቱ ያቆመዋል። የሰላጣ ቅጠል፣ አዲስ የበቀለ የባቄላ ቡቃያ፣ ለጋ የአበባ አገዳ ግን እንጨት የላቸውም። ከክብደታቸው አብዛኛው ውሃ ነው። እንዲያም ሆኖ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ ነፋስ ሲያጎነብሳቸው ተመልሰው ይቀናሉ፣ ቡቃያውም ጠጣሩን አፈር ሰንጥቆ ይወጣል። ይህ እንዴት እንደሚሆን እስኪታወቅ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ወስዷል። የዘገየውም መልሱ ለሁለት ተከፍሎ ስለነበረ ነው። ግማሹ የዕፅዋትን ግድግዳ በሚመረምሩ ሰዎች እጅ ነበር፤ ግማሹ ደግሞ የውሃን ጉዞ በሚለኩ ሰዎች እጅ። ሁለቱ ወገኖች ለረጅም ጊዜ ስለ አንድ ነገር እየሠሩ መሆናቸውን አላወቁም። ከዚህ በታች ያለው ታሪክ የሁለቱ መገናኘት ታሪክ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባዶው ክፍል

በ1665 እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ «ማይክሮግራፊያ» የተባለውን መጽሐፉን አሳተመ። በለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ሙከራዎችን የሚያዘጋጀው እሱ ነበር፤ በገዛ እጁ ባሻሻለው ማይክሮስኮፕም ያገኘውን ሁሉ ይመለከት ነበር። አንድ ቀን ቁራጭ ቡሽ አነሣ። ቢላውን እንደ ምላጭ ስሎ ከቡሹ ላይ እጅግ ስስ ገለባ ላጠ። ቡሹ ነጣ ያለ በመሆኑ በጥቁር ሳህን ላይ አስቀመጠውና ብርሃን በወፍራም መስታወት ሰብስቦ አበራበት። ያየው ነገር በግድግዳ የተከፋፈሉ፣ አየር ብቻ የሞላባቸው ጥቃቅን ክፍሎችን ነበር። በአንድ መስመር ያሉትን ቆጥሮ ሲያሰላ በአንድ ኪዩቢክ ኢንች ቡሽ ውስጥ ከ1.2 ቢሊዮን በላይ ክፍሎች እንደሚገኙ ደረሰበት። እነዚህን ክፍሎች ዛሬ ሕዋሳት እንላቸዋለን።

ሁክ ያየው ግን የሞቱ ሕዋሳትን ግድግዳ ነበር። ቡሽ የአንድ የኦክ ዛፍ ዓይነት ቅርፊት ነው፤ ሕዋሳቱ ሲሞቱ በውስጣቸው የነበረው ሁሉ ጠፍቶ ግድግዳቸው ብቻ ይቀራል። በእርጥብ ተክል ውስጥ ክፍሎቹ በፈሳሽ የተሞሉ መሆናቸውን ሁክ ራሱ አስተውሏል፤ ነገር ግን ፈሳሹ ምን ሥራ እንዳለው የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ከእሱ በኋላ የመጡት ጣሊያናዊው ማርቼሎ ማልፒጊና እንግሊዛዊው ነህምያ ግሩው የዕፅዋትን አካል በዝርዝር ሥለው አሳዩ። ሥዕሎቻቸው ውብና ትክክለኛ ናቸው፤ ይሁንና ዓይን የሚይዘው ግድግዳው ነበርና ለመቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ሕዋስ ማለት ግድግዳ ሆኖ ቆየ። ፈሳሹ እንደ ተራ እርጥበት ተቆጠረ።

የውሃው ጉልበት

ሁለተኛው መንገድ የተጀመረው በማይክሮስኮፕ አልነበረም። በለንደን አቅራቢያ የቴዲንግተን ደብር ቄስ የነበሩት እስቲቨን ሄይልስ በ1727 ባሳተሙት መጽሐፍ ስለ ወይን ተክል ሙከራቸው ጻፉ። በጸደይ ወራት ግንዱን ቆርጠው በጉቶው ላይ ረጅም የመስታወት ቱቦ ቀጥ አድርገው አሰሩበት። ከሥሩ የሚመጣው ፈሳሽ በቱቦው ውስጥ ሽቅብ ከ6 ሜትር በላይ ወጣ። ቅጠል የሌለው፣ ራሱ የተቆረጠ ጉቶ ውሃን ያን ያህል ከፍታ የሚገፋበት ኃይል ነበረው ማለት ነው። ሄይልስ ኃይሉን ለኩ፤ ምንጩን ግን አላገኙትም።

የምንጩ ፍንጭ የተገኘው ስለ ዕፅዋት ባልታሰበበት ሰዓት ነው። በ1748 ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ አቤ ኖሌ አልኮልን ከአየር ለይቶ ማስቀመጥ ፈለገና አንድ ብልቃጥ በአልኮል ሞልቶ አፉን በእንስሳ ፊኛ አጥብቆ አሰረው፤ ከዚያም ብልቃጡን ውሃ ውስጥ ዘፈቀው። ከአምስት ስድስት ሰዓት በኋላ ሲመለስ ፊኛው ወደ ውጭ ተነፍቶ፣ እጅግ ተወጥሮ አገኘው። በመርፌ ሲወጋው ፈሳሹ ከሠላሳ ሳንቲሜትር በላይ ተስፈንጥሮ ወጣ። ውሃው ፊኛውን አልፎ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ አልኮሉ ግን በዚያው መጠን አልወጣም። ዛሬ ኦስሞሲስ የምንለው ነገር ይህ ነው፦ ውሃን የሚያሳልፍ፣ የሟሟውን ነገር ግን የሚከለክል ስስ ሽፋን ሲኖር፣ ውሃው ብዙ ነገር ወደሟሟበት ወገን ይሄዳል።

ሰማኒያ ዓመት ያህል ቆይቶ ሌላው ፈረንሳዊ ሄንሪ ዱትሮሼ ጉዳዩን ወደ ዕፅዋት አመጣው። በ1820ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የስኳር ብጥብጥ የሞላበትን መሣሪያ ከባዜቃ ቱቦ ጋር አገናኝቶ ግፊቱን ለካ፤ ስኳሩ በበዛ ቁጥር ግፊቱም እንደሚጨምር አሳየ። ከዚህም ተነሥቶ ለጋ ተክል ቀጥ ብሎ የሚቆመው ሕዋሳቱ በዚህ መንገድ ውሃ ስበው ስለሚወጠሩ ነው አለ። ሐሳቡ ትክክል ነበር። የጎደለው ነገር ሕዋሱ ውስጥ ይህን የሚያደርገው ክፍል የትኛው እንደሆነ፣ እንዲሁም ያ ሁሉ ግፊት ሕዋሱን ሳያፈነዳው የሚይዘው ምን እንደሆነ ነው።

ግድግዳው ከምን ተሠራ?

የሁለተኛው ጥያቄ መልስ መታየት የጀመረው በአንድ የፋብሪካ ሰው ሥራ ነው። አንሴልም ፔየን በፓሪስ የቦራክስ ፋብሪካ ይመራ፣ በስኳርም ሥራ ላይ ይመራመር ነበር። በ1833 ከባልደረባው ዣን ፍራንሷ ፔርሶ ጋር ከብቅል ውስጥ ስታርችን ወደ ስኳር የሚቀይር ንጥረ ነገር ለይቶ አውጥቷል። ከዚያ ፊቱን ወደ እንጨት አዞረ። የተለያዩ ዛፎችን እንጨት፣ ጥጥን፣ የዕፅዋት ለጋ ክፍሎችን ወስዶ በናይትሪክ አሲድ፣ ቀጥሎም በአልካሊ አጠባቸው። ከእንጨቱ ላይ ቀለሙና ጥንካሬ የሚሰጠው ነገር ታጥቦ ሲሄድ ነጭ ጭረት ቀረ። ፔየንን የገረመው ተክሉ ምንም ይሁን ምን የሚቀረው ነገር አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። በ1838 ውጤቱን ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበ፤ ነገሩም ሴሉሎስ ተባለ።

ፔየን ሴሉሎስን አቃጥሎ ንጥረ ነገሮቹን ሲመዝን 44 በመቶ ያህሉ ካርቦን ሆኖ አገኘው። ይህ የስታርችም መጠን ነው። ሁለቱ በንጥረ ነገር መጠናቸው አይለያዩም፤ በጠባያቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ስታርች በፈላ ውሃ ያብጣል፣ ይሟሟል፣ በብቅሉ ንጥረ ነገርም ስኳር ይሆናል። ሴሉሎስ ቢቀቅሉት አይሟሟም፣ ብቅሉም አይነካውም። አንድ ዓይነት ጡብ ይዞ ሁለት ፍጹም የተለያየ ቤት እንዴት ይሠራል የሚለው እንቆቅልሽ ለዘጠና ዓመት ያህል ሳይፈታ ቆየ።

1877፦ ሁለቱ መንገዶች ሲገናኙ

በዚህ ጊዜ ማይክሮስኮፑ በጣም ተሻሽሎ ነበር። ተመራማሪዎች በጎለመሰ የተክል ሕዋስ መካከል በጠራ ፈሳሽ የተሞላ ሰፊ ቦታ ያዩ ነበር፤ ይህ ቫኪዩል ነው። ከሕዋሱ ይዘት ብዙ ጊዜ ከ80 እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን የሚይዘው እሱ ነው። ሕይወት ያለው ሳይቶፕላዝም በቫኪዩሉና በግድግዳው መካከል ተጣብቆ ስስ ንብርብር ሆኖ ይቀራል።

ሆላንዳዊው ሁጎ ዴ ቭሪስ በ1877 የሠራው ሙከራ የቫኪዩሉን ሥራ በዓይን እንዲታይ አደረገ። ሴፋላሪያ ከሚባል ተክል የአበባ አገዳ ገና በማደግ ላይ ያለ ሕዋስ ወስዶ በተለያየ መጠን በተዘጋጀ የፖታሲየም ናይትሬት ብጥብጥ ውስጥ ተራ በተራ ተመለከተው። ፖታሲየም ናይትሬት ከጨው ወገን የሆነ ነገር ነው። በንጹሕ ውሃ ውስጥ ሕዋሱ ረጅምና የተወጠረ ነው። በ4 በመቶ ብጥብጥ ውስጥ ሲገባ ውሃ ወደ ውጭ ወጣና ሕዋሱ አጠረ፣ ቀጠነም፤ ውስጡ ግን ከግድግዳው ጋር እንደተጣበቀ ነው። በ6 በመቶ ግድግዳው ከዚያ በላይ አልጠበበም፤ የውስጡ ክፍል ብቻ ከግድግዳው መላቀቅ ጀመረ። በ10 በመቶ ውስጡ ሙሉ በሙሉ ተላቆ፣ በሳጥን መካከል እንደተቀመጠ ትንሽ ከረጢት ሆነ።

እነዚህ ጥቂት እርምጃዎች ብዙ ነገር ይናገራሉ። ከንጹሕ ውሃ ወደ 4 በመቶ ሲሸጋገር ግድግዳው ማጠሩ፣ ቀድሞ ከተፈጥሮ ልኩ በላይ ተለጥጦ እንደነበር ያሳያል። ውሃው ሲወጣ ግፊቱ ቀነሰ፣ የተለጠጠው ግድግዳም ወደ ልኩ ተመለሰ። ከ6 በመቶ በኋላ በግድግዳውና በውስጡ መካከል የተፈጠረውን ክፍተት የሞላው ከውጭ የገባው ብጥብጥ ነው፤ ስለዚህ ግድግዳው ለጨውም ለውሃም ክፍት ነው። ጨውን የሚከለክለው ግድግዳው ሳይሆን በውስጡ ያለው ሕያው ስስ ሽፋን ነው። ዴ ቭሪስ ሕዋሱን መልሶ በንጹሕ ውሃ ሲያጥበው ቫኪዩሉ ተነፍቶ ግድግዳውን እንደገና ወጠረው። ሕዋሱ አልሞተም ነበር። ዛሬ ተማሪዎች በማይክሮስኮፕ ሥር የቀይ ሽንኩርት ስስ ልጣጭ ላይ የጨው ውሃ ጠብ ሲያደርጉ የሚያዩት ይህንኑ ነው፤ ቀለሙ በቫኪዩሉ ውስጥ ስላለ ቀዩ ክፍል ከግድግዳው ሸሽቶ መሃል ላይ ሲሰበሰብ በግልጽ ይታያል።

በዚያው በ1877 ጀርመናዊው ዊልሄልም ፌፈር ግፊቱ ምን ያህል እንደሆነ የሚለካበትን መንገድ አሳተመ። ሞሪትዝ ትራውበ ከእሱ ቀደም ብሎ መዳብ ያለበትን ብጥብጥ ከፖታሲየም ፌሮሳይናይድ ጋር በማገናኘት ውሃን ብቻ የሚያሳልፍ ቡናማ ሽፋን ሠርቶ ነበር። ይሁንና ሽፋኑ እጅግ ስስ ስለነበር ጥቂት ግፊት ሲያገኘው ይቀደድ ነበር። ፌፈር ሽፋኑን ውሃ በሚያሳልፍ የሸክላ ጽዋ ግድግዳ ውስጥ አበቀለው። በጽዋው ውስጥ አንዱን ፈሳሽ፣ በውጭ ሌላውን አደረገ፤ ሁለቱ በሸክላው ቀዳዳዎች ውስጥ ሲገናኙ ሽፋኑ እዚያው ተሠራ። አሁን ሽፋኑ ውሃውን ይመርጣል፣ ሸክላው ደግሞ ሽፋኑን ይደግፋል። የብስክሌት ከመነዳሪ አየሩን እንደሚይዝ፣ የውጪው ጎማ ደግሞ ከመነዳሪው እንዳይፈነዳ እንደሚያቅፈው ማለት ነው። ፌፈር ሳይጀምር ሊያስመስለው ያሰበው የተክል ሕዋስን ነበር፤ የሠራውም በእርግጥ እሱን ነው።

ጽዋውን በስኳር ብጥብጥ ሞልቶ ከባዜቃ መለኪያ ጋር አገናኘውና ውሃ ውስጥ አስቀመጠው። 1 በመቶ ስኳር ያለበት ብጥብጥ ባዜቃውን 53.5 ሳንቲሜትር ገፋው፤ ይህ ከአንድ አትሞስፌር ሁለት ሦስተኛ ትንሽ የሚበልጥ ነው። 6 በመቶ ሲሆን ከ307 ሳንቲሜትር በላይ፣ ማለትም 4 አትሞስፌር ያህል ደረሰ። የሚጠጣ ሻይ ያህል የጣፈጠ ፈሳሽ ከመኪና ጎማ የሚበልጥ ግፊት ያመጣል ብሎ ቀድሞ የገመተ ሰው አልነበረም።

ከተክሉ ወደ ኬሚስቱ

ዴ ቭሪስ ቀጥሎ ሕዋሱን ራሱን መለኪያ አደረገው። በ1884 ባሳተመው ሥራ ትራዴስካንሺያ ከሚባል ተክል ቅጠል የታችኛው ገጽ ሐምራዊ ቀለም ያላቸውን ሕዋሳት ወሰደ። ሕዋሳቱን በተለያየ ብጥብጥ ውስጥ እያስገባ፣ ግማሽ ያህሎቹ ከግድግዳቸው መላቀቅ የሚጀምሩበትን መጠን ፈለገ። በዚያ ነጥብ ላይ የውጪው ብጥብጥ ከቫኪዩሉ ጭማቂ ጋር እኩል ይሆናል። በዚህ ዘዴ አንድ ያልተጠበቀ ነገር አገኘ፤ በሞለኪውል ቁጥር ሲነጻጸሩ ፖታሲየም ናይትሬት ከስኳር አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ውሃ የመሳብ ኃይል ነበረው። ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ በኋላ ምክንያቱን ገለጸ፤ ጨው በውሃ ውስጥ ለሁለት ይከፈላል፣ ስኳር ግን አይከፈልም።

ዴ ቭሪስ ያስተምር በነበረበት በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቱ ያኮቡስ ቫንት ሆፍም ነበር። አንድ ቀን መንገድ ላይ ሲገናኙ ዴ ቭሪስ ስለ ፌፈር ልኬቶች ነገረው። ቫንት ሆፍ ቁጥሮቹን ሲመረምር በፈሳሽ ውስጥ የሟሟ ነገር የሚፈጥረው ግፊት በዚያው ቦታ ውስጥ እንደ ጋዝ ቢሆን ከሚፈጥረው ግፊት ጋር እኩል መሆኑን አስተዋለ። ስሌቱም ቀላል ሆነ፤ በሊትር ያለውን የሞል ብዛት በ0.082 እና በፍጹም ሙቀት መጠን ማባዛት ነው። የፌፈር 1 በመቶ የስኳር ብጥብጥ በሊትር 0.029 ሞል አለው። ሙቀቱ በፍጹም መለኪያ 287 ሲሆን ስሌቱ 0.69 አትሞስፌር ይሰጣል፤ ፌፈር የለካው 0.70 ነው። ቫንት ሆፍ በ1901 የመጀመሪያውን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚህና በኬሚካዊ ለውጥ ሕጎች ላይ በሠራው ሥራ ነው።

ይህንኑ ስሌት ወደ ሕዋስ እንመልሰው። በአንድ ቅጠል ቫኪዩል ጭማቂ ውስጥ ያለው ፖታሲየም፣ ማሌት፣ ስኳርና ሌላው ተደምሮ በሊትር 0.3 ሞል ቢሆን በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 7 አትሞስፌር ያህል ይሆናል። ውጪው ንጹሕ ውሃ ከሆነ ቫኪዩሉ ግድግዳውን ሊገፋ የሚችለው በዚህ ልክ ነው። ቅጠሉ ከሚያገኘው በላይ ውሃ በፀሐይ ሲያጣ ግፊቱ ይወርዳል፤ ዜሮ ሲደርስ ቅጠሉ ይጠወልጋል። ጨውና ስኳሩ ግን ቫኪዩሉ ውስጥ እንዳሉ ናቸው፤ ለዚህ ነው ውሃ ሲያገኝ ተመልሶ የሚነሣው።

በ1885 ዴ ቭሪስ ሌላ ነገር አከለ። ሕዋሳትን ቀይ ቀለም በተጨመረበት 10 በመቶ ፖታሲየም ናይትሬት ውስጥ ሲያቆያቸው የውጪው ሳይቶፕላዝም ሞቶ ቀለሙን ጠጣ፤ ቫኪዩሉ ግን ጥርት ያለ አረፋ መስሎ ቀረ። ስለዚህ ቫኪዩል ተራ ኩሬ አይደለም፤ ቶኖፕላስት የሚባል የራሱ ሽፋን አለው። ቶኖፕላስቱ ጨውና ስኳሩን እያስገባ ያስቀምጣል እንጂ ግፊቱን አይሸከምም፤ ግፊቱ በሁለቱም በኩል እኩል ነውና። ሸክሙ በሙሉ ግድግዳው ላይ ያርፋል። ተክሉም ከዚህ ጥቅም ያገኛል። ሕዋሱን በፕሮቲን መሙላት ብዙ ናይትሮጅን ይፈጃል፤ በውሃና በጥቂት ጨው ተሞልቶ ሰፊ ቅጠል መዘርጋት ግን በርካሽ ይገኛል።

የጭረቱ ጥንካሬ

ግድግዳው ያን ሁሉ ሸክም እንዴት ይችለዋል? ግምቱን በቁጥር እንየው። ግማሽ ስፋቱ 20 ማይክሮሜትር የሆነ ድቡልቡል ሕዋስ ግድግዳው 0.2 ማይክሮሜትር ቢሆን፣ የ7 አትሞስፌር ግፊት በግድግዳው ሥጋ ላይ 350 አትሞስፌር የሚያህል መጎተት ያመጣል። ግድግዳው ስስ በሆነ መጠን በውስጡ ያለው መጎተት ይበረታል። ይህን የሚችል ነገር ያስፈልጋል።

የፔየን እንቆቅልሽ የተፈታው በ1920ዎቹ ነው። ጀርመናዊው ሄርማን ሽታውዲንገር እንዲህ ያሉ ነገሮች እጅግ ረጅም ሰንሰለቶች መሆናቸውን ተከራከረ። እንግሊዛዊው ኖርማን ሃዎርዝ የግሉኮስ ቀለበቶች እርስ በርስ የሚያያዙበትን ቦታ ለየ፤ በ1926 ስፖንስለርና ዶር፣ በ1928 ማየርና ማርክ የኤክስሬይ ሥዕል ተጠቅመው ሰንሰለቶቹ እንዴት እንደተደረደሩ አሳዩ። ስታርችም ሴሉሎስም ከግሉኮስ ነው የተሠሩት። በስታርች ውስጥ ግሉኮሶቹ አንድ አቅጣጫ ይዘው ስለሚያያዙ ሰንሰለቱ ይጠመዘዛል፣ ውሃም ይገባበታል። በሴሉሎስ ውስጥ እያንዳንዱ ግሉኮስ ከጎረቤቱ አንጻር ተገልብጦ ስለሚያያዝ ሰንሰለቱ ቀጥ ይላል። ቀጥ ያሉት ሰንሰለቶች ጎን ለጎን ተጠጋግተው በሃይድሮጂን ትስስር ይጣበቃሉ፤ ውሃም ብቅሉም የሚገባበት ቀዳዳ አያገኙም።

በ1948 የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የተጣበቁት ሰንሰለቶች የሚሠሩትን ጭረት በዓይን አሳየ። በእንግሊዝ ሊድስ የሬጂናልድ ፕሬስተን ቡድን ቫሎንያ የተባለ የባሕር አልጌ ግድግዳ ውስጥ በንብርብር የተደረደሩ እጅግ ቀጫጭን ጭረቶችን ፎቶ አነሣ። በመሬት ዕፅዋት ለጋ ግድግዳ ውስጥ አንዱ ጭረት 3 ናኖሜትር ያህል ብቻ ይሰፋል። በጭረቶቹ መካከል ፔክቲንና ሌሎች ለስላሳ የስኳር ሰንሰለቶች ይገኛሉ።

አቅጣጫው

ከዚህ በኋላ አንድ ጥያቄ ቀረ። ረጅም ቱቦ መሰል ሕዋስ ውስጥ ያለ ግፊት ግድግዳውን ወደ ጎን የሚጎትተው ወደ ርዝመቱ ከሚጎትተው ሁለት እጥፍ ነው። ስለዚህ ሕዋሱ መወፈር ይገባው ነበር፤ አገዳ ግን ይረዝማል። ምክንያቱ በማደግ ላይ ባለ ሕዋስ ጭረቶቹ በአብዛኛው እንደ በርሜል ብረት ዙሪያውን ተጠምጥመው መቀመጣቸው ነው፤ ወደ ጎን መስፋትን ይከለክላሉ፣ ወደ ላይ መለጠጥን ግን ይፈቅዳሉ። አሜሪካዊው ፖል ግሪን ኒቴላ በተባለ አልጌ ላይ ኮልቺሲን የሚባል መድኃኒት ሲጨምር ሕዋሱ መርዘሙን ትቶ ማበጥ ጀመረ። ኮልቺሲን ሕዋስ ሲከፈል የሚታዩትን የፕሮቲን ክሮች የሚያፈርስ ነው። በ1962 ግሪን ከሽፋኑ ሥር እንዲህ ያሉ ክሮች መኖር አለባቸው፣ የሴሉሎሱን አቅጣጫ የሚመሩትም እነሱ ናቸው ብሎ ጻፈ። በዓመቱ በሃርቫርድ የነበሩት ሌድቤተርና ፖርተር ክሮቹን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አዩዋቸው፤ ልክ ከግድግዳው ጀርባ ዙሪያውን ተኝተው ነበር። ማይክሮቲዩብል ተባሉ።

የዴ ቭሪስ ግፊትም በቀጥታ የተለካው በዚህ ዘመን ነው። ጀርመኖቹ ኡልሪሽ ሲመርማንና ኤርንስት ሽቶይድለ ዘይት የሞላበት ቀጭን የመስታወት መርፌ ሠሩ፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ በተራ ተክል አንድ ሕዋስ ላይ ሊጠቀሙበት ቻሉ። መርፌው ሲገባ የሕዋሱ ጭማቂ ዘይቱን ወደ ኋላ ይገፋል። ሙከራውን የሚሠራው ሰው ዘይቱን ወደ ቀድሞው ቦታው እስኪመለስ ድረስ ይገፋና ያስፈለገውን ግፊት ያነባል። የብዙ ለጋ ሕዋሳት ግፊት ከ3 እስከ 10 አትሞስፌር ሆኖ ተገኘ፤ ከአሮጌው ስሌት ጋር ይስማማል።

በ1980 ሙለርና ብራውን በበቆሎ ሕዋስ ሽፋን ላይ ስድስት ቅንጣቶች እንደ አበባ የተከበቡበትን፣ ጭረቱን የሚሠራውን ማሽን አዩ። በ2006 ደግሞ በካሊፎርኒያ ስታንፎርድ ፓሬዴዝ፣ ሶመርቪልና ኤርሃርት በማሽኑ አንድ ፕሮቲን ላይ የሚያበራ ምልክት ለጥፈው በሕያው ሕዋስ ውስጥ ተመለከቱት። ማሽኖቹ በማይክሮቲዩብሎቹ መስመር ላይ በደቂቃ 330 ናኖሜትር ያህል እየተጓዙ ከኋላቸው ሴሉሎስ ይተዉ ነበር። የግሪን ግምት ከአርባ አራት ዓመት በኋላ በፊልም ታየ።

መላላት

ግድግዳው ጠንካራ ከሆነ ሕዋሱ እንዴት ያድጋል? ግፊቱ ብቻውን አያሳድግም፤ ግድግዳው መላላት አለበት። ዳንኤል ኮስግሮቭና ባልደረቦቹ በ1992 ከዱባ ወገን ከሆነው የኪያር ቡቃያ ግድግዳ ኤክስፓንሲን የተባለ ፕሮቲን ለይተው አወጡ። ግድግዳው አሲድነቱ ሲጨምር ይህ ፕሮቲን ጭረቶቹን ሳይቆርጥ እርስ በርስ እንዲንሸራተቱ ያደርጋል። ግድግዳው ሲላላ የሕዋሱ ግፊት ጥቂት ይወርዳል፣ ውሃም ይገባል፣ ሕዋሱም ይሰፋል። ቫኪዩሉ ጨውና ስኳር እየጨመረ ጭማቂው እንዳይቀጥን ያደርጋል። ዕድገት የሚባለው ይህ መላላትና መሞላት ሲፈራረቅ ነው።

ሕዋሱ ካደገ በኋላ አንዳንዱ መንገዱን ይለውጣል። ከመጀመሪያው ግድግዳ በስተውስጥ ወፍራም ሁለተኛ ግድግዳ ይሠራል፣ ፔየን በአሲድ ያጠበውን ሊግኒንም ይጨምርበታል፤ ከዚያም ውስጡ ይሞታል። የእንጨትና የጭድ ጥንካሬ ይህ ነው። የታጨደ ጤፍ ደርቆም በክምሩ ላይ ቅርጹን ይዞ ይቆያል፣ የተቀጠፈ ጎመን ግን በሰዓታት ይጠወልጋል፤ አንዱን ግድግዳው ብቻውን ያቆመዋል፣ ሌላውን ውሃውና ግድግዳው በአንድነት። የሁለቱን ድርሻ ለመለየትም ጎመኑ በቂ ነው። የጠወለገውን ውሃ ውስጥ ቢነክሩት ሽፋኖቹ ደህና ስለሆኑ ይቀናል። የተቀቀለውን ግን ቀኑን ሙሉ ቢነክሩት አይቀናም፤ ሙቀቱ ሽፋኖቹን ስለቀደዳቸው የቫኪዩሉ ጨው ወጥቷል፣ የሴሉሎሱ ጭረት ግን ሳይሟሟ ቀርቷል።

በ2020 የዮከን ሲመር ቡድን በአሜሪካ ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የፖፕላር ዛፍን ሴሉሎስ ሠሪ ፕሮቲን ቅርጽ አሳተመ። ፕሮቲኖቹ ሦስት ሦስት ሆነው ይያያዛሉ፣ እያንዳንዱም አንድ ሰንሰለት በሽፋኑ ውስጥ አሳልፎ ወደ ውጭ ያወጣል። ስድስት እንዲህ ያሉ ሦስትዮሾች አንድ አበባ መሰል ማሽን ቢሠሩ አንዱ ጭረት 18 ሰንሰለት ይኖረዋል። ቀድሞ 36 ይባል የነበረው ቁጥር በዚህና በሌሎች ልኬቶች ምክንያት ወርዷል። ክርክሩ ግን አላለቀም፤ ሰንሰለቶቹ ከማሽኑ ሲወጡ ተጠጋግተው ጠንካራ ጭረት የሚሆኑበትን ቅጽበት እስካሁን በቀጥታ ያየ የለም። ያን ቅጽበት ያየ ሰው የፔየን ነጭ ጭረት የቫኪዩሉን ግፊት የሚችልበትን ጥንካሬ ከየት እንደሚያገኝ ያውቃል።